«AB = AC ከሆነ ∠B = ∠C» የሚለው ፕሩፍ የቱ ጋ ነው የሚዞረው?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ የአይሶሴለስ ትሪያንግል ቤዝ አንግሎች እኩል መሆናቸውን ፕሩቭ አድርጉ ተብላ እኔ ነኝ የሰራሁላት። ከ A ተነስቶ BCን D ላይ እኩል ለሁለት የሚከፍል ፐርፐንዲኩላር መስመር AD ሳልን፣ AB = AC ተሰጥቷል፣ AD የጋራ ነው፣ D ላይ ሁለቱም 90 ዲግሪ ናቸው፣ ስለዚህ በአርኤችኤስ ኮንግሩወንት ናቸው፣ ስለዚህ ∠B = ∠C አልን። ቲቸሯ ከ10 3 ሰጥቷት ጎኑ ላይ «ይዞራል፣ ምክንያት የለውም» ብሎ ጻፈባት። እኔ ∠B = ∠Cን የትም ቦታ አልተጠቀምኩም፣ የቱ ጋ ነው የሚዞረው?

ወንድሜ፣ ቲቸሩ ልክ ነው፣ ግን በሦስት አራት ቃል ጽፎ ስላለፈው አልታየኝም ብትል አልፈርድብህም። ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው ያሉት፣ «ምክንያት የለውም» የሚለው የመጀመሪያው መስመርህን ነው፣ «ይዞራል» የሚለው ደግሞ አርኤችኤስ ያልክበትን ነው። እኔ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ልጆች ሒሳብ ሳስጠና ብዙ አመት ሆኖኛል፣ ይሄን ፕሩፍ ልክ አንተ እንደጻፍከው የሚጽፍ ተማሪ በየአመቱ አገኛለሁ፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ከመጀመሪያው መስመር እንጀምር። «ከ A ተነስቶ» ብለሃል፣ «BCን እኩል የሚከፍል» ብለሃል፣ «ፐርፐንዲኩላር» ብለሃል። አንድ መስመር ላይ ሦስት ግዴታ ጫንክበት ማለት ነው፣ መስመር ደግሞ ሁለት ግዴታ ሲሰጠው ያልቅለታል፣ ሦስተኛው ከተሟላ ወይ በአጋጣሚ ነው ወይ ደግሞ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን ደግሞ መጻፍ ያለብህ አንተ ነህ። ካላመንከኝ ወረቀት አውጣና BCን 8 ሳንቲሜትር አድርገህ ሳል፣ ከዛ ከ B በ2 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ቀጥ ብለህ 6 ሳንቲሜትር ወደ ላይ ውጣና Aን እዛ አስቀምጥ። አሁን ከ A ፐርፐንዲኩላር ብትጥል ከ B 2 ሳንቲሜትር ላይ ነው የሚያርፈው፣ የ BC መሃል ግን 4 ሳንቲሜትር ላይ ነው፣ ወደ መሃሉ ብትስል ደግሞ መስመሩ ያዘነብላል እንጂ ቀጥ አይልም። ሦስቱን የሚያሟላ መስመር እዚህ ትሪያንግል ላይ የለም በቃ። ያንተ ትሪያንግል ላይ አለ፣ የኖረው ግን AB = AC ስለሆነ ነው፣ እሱን ደግሞ ፕሩቭ ሳታደርግ «ሳልን» በምትል አንዲት ቃል አሳለፍከው። «እንሳል» የምትለው ቃል ላይ ሁሌም ቆም በል፣ ተማሪ ፕሩቭ ማድረግ ያለበትን ነገር ሳያውቀው የሚደብቀው ብዙ ጊዜ እዛ ውስጥ ነው።

የሚገርመው ደግሞ «እኩል የሚከፍል» ያልከውን ቀጥሎ አንድም ቦታ አልተጠቀምክበትም። ስለዚህ አጥፋውና «ከ A ወደ BC ፐርፐንዲኩላር እንጣል፣ ያረፈበትን D እንበለው» ብለህ አስተካክለው። እንደዚህ አይነት መስመር ከማንኛውም ነጥብ መጣል ይቻላል፣ ማንም አይከራከርህም። ግን አሁን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ D የት ነው ያለው? ስእልህ ላይ በ B እና በ C መሃል ነው፣ ግን ስእሉ ምክንያት አይደለም። B ላይ ያለው አንግል ከ90 ዲግሪ ቢበልጥ ኖሮ D ከ BC ውጪ ነበር የሚያርፈው፣ ያኔ ደግሞ ∠ABD የትሪያንግሉ ∠B አይሆንም፣ የጎኑ አንግል ነው የሚሆነው፣ ፕሩፍህም የማይመለከተውን አንግል ነው እኩል ያደረገው ማለት ነው።

«እሺ እሱን እዘጋዋለሁ» ብለህ ብትነሳ መጀመሪያ የሚመጣልህ መከራከሪያ እንዲህ የሚል ነው፣ ∠B ከ90 ቢበልጥ ከሁሉም አንግል ትልቁ እሱ ነው፣ ከትልቅ አንግል ፊት ለፊት ያለው ጎን ትልቅ ነው፣ ስለዚህ AC ከ AB ይበልጣል፣ ግን እኩል ናቸው ተብሏል፣ ስለዚህ አይሆንም። ቆንጆ ይመስላል አይደል? ግን «ከትልቅ አንግል ፊት ለፊት ትልቅ ጎን» የሚለው ቲዎረም እንዴት ነው ፕሩቭ የሚደረገው? በመደበኛው መንገድ መጀመሪያ ተገላቢጦሹ፣ «ከትልቅ ጎን ፊት ለፊት ትልቅ አንግል» የሚለው ነው የሚረጋገጠው፣ ለሱ ደግሞ ከረጅሙ ጎን ላይ የአጭሩን ያህል ትቆርጥና ትንሽ አይሶሴለስ ትሪያንግል ትፈጥራለህ፣ ከዛ ቤዝ አንግሎቿ እኩል ናቸው ትላለህ። ይኸው፣ ልታረጋግጠው የተነሳኸውን ነገር ሌላ ቲዎረም ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘኸው። የዚህ ጥያቄ ክፋቱ ይሄ ነው፣ ቀዳዳውን ልትደፍን የምታነሳው ጨርቅ ራሱ ከዛው ልብስ የተቀደደ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አርኤችኤስ። ልክ ነህ፣ ∠B = ∠C የሚለውን በግልጽ አልጻፍከውም። ግን ቲዎረም ስትጠራ ብቻውን አይመጣም፣ የቆመባቸውን ነገሮች ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ሱቅ ሄደህ ዱቤ ስትጠይቅ ባለሱቁ «ማን ያውቅሃል?» ቢልህና «ጓደኛዬ» ብትለው፣ «እሱንስ ማን ያውቀዋል?» ሲልህ ደግሞ «እኔ» ብትለው ዱቤ አይሰጥህም። አንተና አርኤችኤስ እንደዛ ነው የተዋዋሳችሁት።

አርኤችኤስ ምን እንደሚል አስታውስ፣ ሁለት ባለ 90 ዲግሪ ትሪያንግሎች ሃይፖቴነሳቸው እኩል ከሆነና አንድ ሌላ ጎናቸው እኩል ከሆነ ኮንግሩወንት ናቸው። ልብ ብለህ ካየኸው 90 ዲግሪው በሁለቱ ጎኖች መሃል የተያዘ አንግል አይደለም፣ ስለዚህ ሁለት ጎንና በመሃላቸው ያለውን አንግል የሚፈልገው ኤስኤኤስ አይደለም። እንደውም ሁለት ጎንና በመሃላቸው ያልሆነ አንግል ሲሰጥ በአብዛኛው ኮንግሩወንት ነው ማለት አይቻልም፣ 90 ዲግሪ ሲሆን ነው ልዩ የሚሆነው፣ ልዩ መሆኑ ደግሞ ፕሩፍ ይፈልጋል። ብዙ መጽሐፍ ላይ ያለው ፕሩፍ እንዲህ ነው። ሁለቱን ትሪያንግሎች ታመጣና እኩል በሆነው ጎናቸው ጀርባ ለጀርባ ታጣብቃቸዋለህ። የተጣበቁበት ቦታ እግር ላይ 90 እና 90 ተደምሮ 180 ስለሚሆን ከታች ያለው መስመር ቀጥ ያለ አንድ መስመር ይሆናል፣ ስለዚህ ሁለቱ ትሪያንግሎች ተደምረው አንድ ትልቅ ትሪያንግል ሆኑ። የትልቁ ትሪያንግል ሁለት ጎኖች ሁለቱ ሃይፖቴነሶች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ እኩል ናቸው ተብሏል፣ ስለዚህ ትልቁ ትሪያንግል አይሶሴለስ ነው፣ ስለዚህ ቤዝ አንግሎቹ እኩል ናቸው፣ ከዛ ሁለት አንግልና አንድ ጎን ስላገኘን ኮንግሩወንት ናቸው ብለን እንጨርሳለን።

አሁን ያንን ትልቅ ትሪያንግል ስእሉን አስበው። ላይ ጫፍ አለው፣ ከጫፉ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር አለው፣ ግራና ቀኝ እኩል ጎን አለው። ያንተ ABC ከነ ADው ነው እኮ! አርኤችኤስን ለማረጋገጥ የሚሳለው ስእልና አንተ አርኤችኤስን ለመጠቀም የሳልከው ስእል አንድ ስእል ነው፣ በዛኛው ላይ «ቤዝ አንግሎቹ እኩል ስለሆኑ ኮንግሩወንት ናቸው» ይላል፣ በዚህኛው ላይ «ኮንግሩወንት ስለሆኑ ቤዝ አንግሎቹ እኩል ናቸው» ይላል። ቲቸሩ «ይዞራል» ያለው ይሄንን ነው።

አንዳንድ መጽሐፍ አርኤችኤስን በፓይታጎረስ ነው የሚያረጋግጠው፣ ሃይፖቴነሱና አንዱ ጎን እኩል ከሆኑ ሦስተኛውም እኩል ነው ይልና ያልቃል። እሱ አጭሩን ክብ ይቆርጠዋል፣ ግን ፓይታጎረስ ራሱ ከየት መጣ ብለህ ወደ ኋላ መሄድ አለብህ። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 አካባቢ ባዘጋጀው ቅደም ተከተል የኛ ጥያቄ የአንደኛው ክፍል 5ኛ ነው፣ ፓይታጎረስ 47ኛ ነው። ለፓይታጎረስ ስኩዌር መስራት ያስፈልጋል፣ ለስኩዌር ፓራለል መስመር ያስፈልጋል፣ ፓራለል ለመሳል አንግል መቅዳት ያስፈልጋል፣ አንግል የሚቀዳው ሦስቱም ጎኖች እኩል ከሆኑ ኮንግሩወንት ናቸው በሚለው በኤስኤስኤስ ነው፣ ኤስኤስኤስ 8ኛው ነው፣ እሱ በ7ኛው ላይ ቆሟል፣ 7ኛው ደግሞ ቀጥታ በ5ኛው ላይ። ስለዚህ በዛ መንገድም ክቡ ሰፋ እንጂ አልጠፋም።

እዚህ ጋ አብዛኛው ሰው «እሺ አርኤችኤስን ትቼ በሚዲያን እሰራዋለሁ» ይላል። ባለፈው ክረምት ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን የማስጠናት ልጅ ልክ እንደዚህ አለችኝ፣ የ BC ሚድፖይንት D ይሁን፣ BD = CD፣ AB = AC፣ AD የጋራ፣ ስለዚህ ኤስኤስኤስ፣ አለቀ። መስመሩ ላይ ችግር የለም፣ ሚድፖይንት ሁሌም አለ፣ በ B እና በ C መሃል መሆኑም ያው ሚድፖይንት ስለሆነ ነው። እኔም «ኤስኤስኤስን ማን ፕሩቭ አደረገልሽ?» ብዬ ብቻ ጠየቅኳት። ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ ገልጣ አገኘችው፣ ሁለቱን ትሪያንግሎች በአንድ ጎናቸው አጣብቆ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አድርጎ፣ ጫፍና ጫፋቸውን በመስመር አገናኝቶ፣ ሁለት አይሶሴለስ ትሪያንግል ተፈጠረ ስለዚህ ቤዝ አንግሎቻቸው እኩል ናቸው ይላል። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እንዴ፣ ይሄም ተመልሶ እዛው ነው» አለች። አዎ፣ እዛው ነው።

የማይዞረው መንገድ በኤስኤኤስ በኩል ያለው ነው፣ ምክንያቱም ኤስኤኤስ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት የሚመጣ ነው። ዩክሊድ ጋ 4ኛ ነው፣ ከኛ ጥያቄ ፊት ለፊት የቆመ፣ በኋላ የመጡ ሰዎችም ብዙዎቹ እንደ አክሲየም ነው የተቀበሉት፣ ማለትም ከአይሶሴለስ ምንም አልተበደረም። ስለዚህ የ ∠Aን ቢሴክተር ሳል፣ BCን የሚነካበትን D በለው። AB = AC ተሰጥቷል፣ ∠BAD = ∠CAD ቢሴክተር ስለሆነ፣ AD የጋራ። አንግሉ በሁለቱ ጎኖች መሃል ነው ያለው፣ ስለዚህ ኤስኤኤስ ነው፣ ስለዚህ ∠B = ∠C። መስመሩ ላይ ያለው ግዴታ ሁለት ብቻ ነው፣ ከ A ይነሳል፣ አንግሉን እኩል ይከፍላል። ቢሴክተር አንግሉ ውስጥ ስለሚሄድ BCን የሚነካው በ B እና በ C መሃል ነው፣ ስለዚህ የ D ቦታ ጥያቄም አብሮ ተመለሰ። ፐርፐንዲኩላሩን ትተህ ቢሴክተሩን ያዝ የምልህ በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ጠንቃቃ ሰው ግን አሁንም «ቢሴክተሩ በኮምፓስ ሲሰራ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው በኤስኤስኤስ አይደለም እንዴ?» ሊልህ ይችላል፣ ጥያቄው ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ መጽሐፍህ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይወሰናል። የትምህርት ቤት መጽሐፍ አንግልን በቁጥር ይለካል፣ 50 ዲግሪ ካለ 25 ላይ መስመር አለ ብሎ ይቀበላል፣ ስለዚህ ቢሴክተሩ መኖሩ ኮምፓስ አይፈልግም፣ አይዞርም። እንደ ዩክሊድ ሁሉንም በኮምፓስና በማስመሪያ እሰራለሁ ካልክ ግን ቢሴክተር 9ኛ ነው፣ ከ5ኛው በኋላ፣ ያኔ ይዞራል። ዩክሊድ ራሱም ቢሴክተር ያልተጠቀመው ለዚህ ነው፣ ሁለቱን እኩል ጎኖች ወደ ታች አርዝሞ ሁለት ጊዜ ኤስኤኤስ ተጠቅሞ ነው የጨረሰው፣ ረዥም ነው ግን ንጹህ ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ምንም መስመር የማይሳልበትን ነው። የእስክንድርያው ፓፑስ፣ በፈረንጆች 4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ፣ ትሪያንግሉን ከራሱ ጋር አነጻጸረው። አንዴ ABC ብለህ አንብበው፣ አንዴ ACB ብለህ አንብበው። AB ከ AC ጋር እኩል ነው፣ AC ከ AB ጋር እኩል ነው፣ በመሃል ያለው ∠A ያው ∠A ነው። ኤስኤኤስ። ስለዚህ B ላይ ያለው አንግል C ላይ ካለው ጋር እኩል ነው። ሲያዩት ያጭበረበረ ይመስላል፣ ግን ኤስኤኤስ ሁለቱ ትሪያንግሎች የተለያየ ቦታ ላይ ይሁኑ የሚል ቅድመ ሁኔታ የለውም፣ ወረቀቱን ገልብጠህ ከራሱ ጋር እንደማጋጠም ነው። ቢሴክተር የለ፣ D የለ፣ የት አረፈ የለ። ለእህትህ ይሄንን ብታሳያት ደስ ይላታል፣ ፈተና ላይ ግን ቲቸሩ ካላስተማረው ሁለቱን ትሪያንግሎች በግልጽ ለያይታ ትጻፍ፣ አለበለዚያ «ምንድነው ይሄ» ይላታል።

ሌላ ጊዜ ራስህ እንድታገኘው እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ፕሩፉን ጽፈህ ስትጨርስ ወረቀቱን ለሁለት ክፈለውና በቀኝ በኩል ከየመስመሩ አጠገብ «በምን?» ብለህ መልስ ጻፍ። መልሱ «ተሰጥቷል» ወይም «አክሲየም» ከሆነ እለፈው። «ከስእሉ» ብለህ ልትጽፍ እጅህ ከሄደ እዛ ጋ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። የቲዎረም ስም ከሆነ ደግሞ እዛ አታቁም፣ ደብተር ወይ መጽሐፍ ገልጠህ የሱን ፕሩፍ አንብብና የጠራቸውን ቲዎረሞች ከሱ ስር ጻፍ፣ እንዲህ እያልክ ወደ ኋላ ቀስት ሳል። ቀስቱ ስትከተለው አንተ ልታረጋግጠው ከተነሳኸው አረፍተ ነገር ላይ ካረፈ ዞረሃል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሁለት ሦስት ቀስት ወደ ኋላ ብትሄድ አብዛኛው ክብ ይታይሃል። ሌላው የምሞክረው ደግሞ ሆን ብዬ የተበላሸ ትሪያንግል፣ ቅድም 8 በ6 እንዳልኩህ አይነቱን፣ መሳልና ፕሩፉን እዛ ላይ መስመር በመስመር መሞከር ነው። AB = AC ስላልሆነ ፕሩፉ መሰበር አለበት፣ መሰበር ያለበት ግን «AB = AC ተሰጥቷል» የሚለው መስመር ላይ ነው። ያንተው ከዛ ቀድሞ «ሳልን» ያልክበት ላይ ነው የተሰበረው፣ ያ ማለት የተሰጠህን ነገር ሳታውቀው እዛ ላይ አስቀድመህ ተጠቅመህበታል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ለቲቸሩ ሳልወግን ልበል። መዞርና አለመዞር መጽሐፉ ምኑን ከምን በፊት አስቀመጠ በሚለው ነው የሚወሰነው። የእህትህ መጽሐፍ ኤስኤኤስን፣ ኤስኤስኤስን፣ አርኤችኤስንና ሌሎቹንም ሁሉ ያለ ፕሩፍ «እንቀበላቸው» ብሎ መጀመሪያ ላይ ደርድሯቸው ከሆነ፣ በዛ መጽሐፍ ውስጥ አርኤችኤስን መጥራት አይዞርም፣ የሚቀረው ጥፋት ያ ሦስት ግዴታ የተጫነበት መስመርና የ D ቦታ ብቻ ነው፣ ለሱ ደግሞ እኔ ብሆን ከ10 3 አልሰጥም ነበር። ስለዚህ እህትህ ደብተሯን ይዛ ሄዳ በትህትና «ቲቸር፣ አርኤችኤስን የተማርነው ከአይሶሴለሱ በፊት ነው በኋላ? ፕሩቭ ያደረግነውስ በምን ነበር?» ብላ ትጠይቀው። መልሱ «በፊት፣ ተቀብለነው» ከሆነ ማርኳን መጠየቅ ትችላለች፣ «በኋላ» ከሆነ ደግሞ የቢሴክተሩን ፕሩፍ በቀኝ በኩል ምክንያቶቹን ጽፋ ትስጠው።

ከዛ ቀጥሎ ተገላቢጦሹ ይመጣባታል፣ ∠B = ∠C ከሆነ AB = AC ነው የሚለው። እዛ ላይ ኤስኤኤስ በቢሴክተር አይሰራም፣ AB = AC የሚፈለገው ነገር እንጂ የተሰጠ ስላልሆነ፣ ብዙ ልጅ ግን ስእሉ አንድ አይነት ስለሆነ ከልምዱ «AB = AC ተሰጥቷል» ብሎ ይጽፋል። እዛ ትሪያንግሉን ገልብጣ ∠B፣ BC፣ ∠C ብላ በኤኤስኤ ከራሱ ጋር ታነጻጽረው፣ ከዛ በቀኝ በኩል «በምን?» ብላ ስትጽፍ ምን እንደሚወጣ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።